ከምግቡ ጎን የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 አንድ ወጣት 18ኛ ዓመት ልደቱን ለማክበር ለንደን ውስጥ ወደሚገኝ የበርገር ቤት ጎራ አለ። የወተት አለርጂ ነበረበት። ይህንኑ ለአስተናጋጆቹ ተናግሮ፣ ሜኑውን አይቶ፣ ምንም ነገር የሌለበት የሚመስል የተጠበሰ ዶሮ አዘዘ። ሜኑው ከዶሮው ጎን ስለ ወተት ያለው ነገር አልነበረም። ዶሮው ግን ከመጠበሱ በፊት አሬራ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር። ወጣቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቴምዝ ወንዝ አካባቢ ወደቀ፤ ሕይወቱም አለፈ።

የሞቱ ምክንያት በ2019 ሲመረመር፣ ምግብ ቤቱ ስለ አለርጂ ጨርሶ ያልጻፈ እንዳልነበረ ታወቀ። ጽሑፉ ነበር። የነበረው ግን ከሜኑው ጀርባ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ በደቃቅ ጥቁር ፊደል ነው። መርማሪዋ ባለሥልጣን የሜኑው ዝምታ ወጣቱን እንዳዘናጋው አመልክተዋል፤ ዶሮው መዘፍዘፉ ስላልተጻፈ ምግቡ ያለ ስጋት የሚበላ መስሎት ነበር።

አንድ ሰው ሜኑ ሲያነብ ዓይኑ የሚያርፈው በፈለገው ምግብ ስም ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው እዚያው መስመር ላይ ከሌለ «የለበትም» ማለት ሆኖ ይነበባል። አንባቢው የሜኑውን ቋንቋ በቅጡ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ወደ ጀርባው ገጽ የመሄዱ ዕድል ይበልጥ ይጠባል፤ የምግቡን ስምና ዋጋውን ብቻ ለይቶ ያዛል።

ይህ ጉዳይ በውጭ አገር ላሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በጣም የቀረበ ነው። ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ አማርኛ አያነቡም፤ የምግቦቹ ስሞችም ለእነሱ ምንም አይነግሯቸውም። ፓስታ በክሬም የሚል ሜኑ ያየ ጣሊያናዊ ያልሆነ ሰው እንኳ ወተት እንዳለ ይገምታል። «ጥብስ» የሚለውን ቃል ያየ ጀርመናዊ ግን ድስቱ ውስጥ ንጥር ቅቤ እንደገባ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ወጥ ቤት ላለች ባለሙያ ቅቤው የታወቀ ነገር ስለሆነ መጻፉ ትዝ አይላትም። ዶሮው አሬራ ውስጥ መዘፍዘፉም ለለንደኑ ምግብ ቤት እንዲሁ የታወቀ ነገር ነበር።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከታኅሣሥ 13 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ምግብ ቤቶች ስለ 14 የአለርጂ ምንጮች ለደንበኛ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ብሪታንያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ዝርዝሩን ይዛ ቀጥላለች። ዝርዝሩ ግሉተን ያለባቸው እህሎች፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕና ሸርጣን ያሉ የባሕር እንስሳት፣ እንደ ቀንድ አውጣ ያሉት፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ፣ ሰለሪ፣ ግብጦ እና ሰልፋይት የሚባለው የምግብ ማቆያ ናቸው። በአሜሪካ ዝርዝሩ ዘጠኝ ነው፤ ዘጠነኛው ሰሊጥ ሲሆን የታከለው ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። የአሜሪካው የፌዴራል ሕግ ግን በዋናነት የታሸጉ ምግቦችን እንጂ የምግብ ቤት ሜኑን አይመለከትም።

ይህን ዝርዝር ይዞ ወደ አበሻ ወጥ ቤት የገባ ሰው ያልጠበቀውን ያገኛል። የጾም በያይነት ላይ የሚቀርበው አዚፋ በሰናፍጭ የሚለወስ ነው፤ ስልጆም እንዲሁ። ጎጃም ውስጥ ተቀቅሎና በውኃ ተነክሮ የሚበላው ግብጦ፣ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ላይ አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል ለብቻው ተጠቅሷል። ቅንጬው ገብስ ወይም ስንዴ ነው፤ የሳምቡሳው ሊጥ ስንዴ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሦስት የተለመዱ ቃላት፣ ማለትም «የጾም»፣ «ጤፍ» እና «ለውዝ»፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገሩ የያዙትን አደጋ ደብቀው ያልፋሉ።

«የጾም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ «ቪጋን» ተብሎ ይተረጎማል። ለብዙው ምግብ ልክ ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። በጾም ወቅት ዓሣ የሚበሉ ብዙ ምእመናን ስላሉ፣ የጾም ምግብ ተብሎ ዓሣ የሚቀርብባቸው ቤቶች አሉ። ዓሣ አለርጂ የሆነበት ወይም ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ ደንበኛ «ቪጋን» የሚለውን አምኖ ቢያዝ ስህተቱ የእሱ አይደለም።

«ቪጋን» የሚለው ቃል ራሱም የወተት አለርጂ ላለበት ሰው ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 እንግሊዝ ውስጥ ባዝ በተባለች ከተማ አንዲት እናት ቪጋን ተብሎ የተሸጠ ጥቅል ዳቦ በልተው ሞተዋል። በውስጡ የነበረው ከወተት ነጻ የተባለ እርጎ በወተት ፕሮቲን ተበክሎ ነበር። ቪጋን የሚለው ቃል አብሳዩ ምን እንዳልጨመረ ይናገራል፤ ዕቃው ከምን ጋር እንደተነካካ አይናገርም። «የጾም» የሚለውም እንደዚያው ነው። የሽሮው ማማሰያ ከዶሮ ወጡ ድስት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ለጿሚው ይህ የሕሊና ጉዳይ ነው፤ አለርጂ ላለበት ሰው ግን የመተንፈስ ጉዳይ ነው።

የጤፉ ነገር ደግሞ በቁጥር ሊታይ የሚችል ነው። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለበትም፤ ይህ በዓለም ዙሪያ ስለታወቀ የሴሊያክ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ፈልገው ይመጣሉ። ሴሊያክ ግሉተን ሲበላ የሰውነት መከላከያ የአንጀትን ግድግዳ የሚጎዳበት ሕመም ነው። በውጭ አገር የሚጋገር እንጀራ ግን በዋጋ ምክንያትም ሆነ አይን እንዲያወጣ ብዙ ጊዜ ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ይደባለቃል። በአውሮፓም በአሜሪካም አንድ ምግብ «ግሉተን ፍሪ» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖርበት አይገባም። ይህ ለአሥር ኪሎ እንጀራ 200 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ከስንዴ ዱቄት አሥር በመቶ ገደማው ግሉተን ስለሆነ፣ ያን ወሰን ለመሙላት ሁለት ግራም ያህል ዱቄት ይበቃል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ስለዚህ የእንጀራው ዱቄት ንጹሕ ጤፍ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ትናንት ከተደባለቀ ሊጥ የተወሰደ እርሾ ዛሬ ንጹሕ ጤፍ ላይ ቢጨመር ስንዴውን ይዞ ይመጣል። ያው ምጣድ፣ ያው ማሰሻ፣ ያው የሊጥ ባልዲ ሁሉም መንገድ ናቸው። ለንጹሕ ጤፉ የተለየ እርሾና የተለየ ምጣድ የሌለው ቤት «ግሉተን ፍሪ» የሚለውን ቃል ከሜኑው ላይ ቢያወጣው ይሻላል። «መቶ በመቶ የጤፍ ዱቄት፤ በምጣዱ ላይ የስንዴ እንጀራም ይጋገራል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙ ደንበኛ አይስብ ይሆናል፤ የሴሊያክ ሕመምተኛው ግን ትክክለኛውን ውሳኔ እንዲወስን ያስችለዋል።

ሦስተኛው ቃል «ለውዝ» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለውዝ የሚባለው በአብዛኛው ኦቾሎኒ ነው፤ ዳቦ ላይ የሚቀባው የለውዝ ቅቤም ከኦቾሎኒ የሚሠራ ነው። በመዝገበ ቃላትና በቆየው አጠቃቀም ግን ለውዝ አልሞንድ ነው። አንድ ተርጓሚ «ለውዝ አለበት» የሚለውን መዝገበ ቃላት ተከትሎ አልሞንድ ቢለው፣ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ደንበኛ ምግቡ ለእሱ የሚሆን ይመስለዋል። በሕጉ ኦቾሎኒና የዛፍ ፍሬዎች ሁለት የተለያዩ ተራዎች ናቸው፤ አንዱ ብቻ የሚጎዳው ሰው አለ። ስለዚህ በአማርኛው ሜኑ ላይ «ኦቾሎኒ» ወይም «አልሞንድ» ብሎ ለይቶ መጻፍ እንጂ «ለውዝ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

በአማርኛው ላይ ሌላም መጠንቀቂያ አለ። «ያለ ቅቤ» ማለት ቅቤ የሌለበት ነው፤ «ቅቤ ያለው» ማለት ደግሞ ቅቤ የገባበት። ተናጋሪው አይሳሳትም። ሜኑውን የሚተይበው ወይም በኮምፒውተር የሚያስተረጉመው ሰው ግን ቃሉን አገላብጦ ተቃራኒውን ሊያወጣ ይችላል። «ቅቤ አለበት» እና «ቅቤ የለበትም» ብሎ በግሥ መጨረስ ይህን መንታ መንገድ ይዘጋል፤ ወደ ሌላ ቋንቋም ሳይዛነፍ ይሻገራል።

ቋንቋን ለመሸሽ ብዙ ቤቶች ወደ ፊደልና ወደ ሥዕል ይሄዳሉ። ኦስትሪያ ውስጥ ለአሥራ አራቱ የተለመደ የፊደል መለያ አለ። በዚያ መለያ «ኤ» የሚለው የላቲን ፊደል ግሉተን ያላቸው እህሎች፣ «ጂ» ወተት፣ «ኤን» ሰሊጥ ነው። ቪየና ለኖረ ሰው ግልጽ ነው። ከለንደን የመጣ እንግዳ ግን «ጂ» ሲያይ ግሉተን፣ «ኤን» ሲያይ የዛፍ ፍሬ ሊመስለው ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ቃላቱ የሚጀምሩት በእነዚያ ፊደላት ነውና። ይባስ ብሎ ፊደሉ አለበት ለማለት ይሁን የለበትም ለማለት በራሱ አይለይም። ከምግቡ ጎን የተሣለ የስንዴ ዛላም ስንዴ እንዳለ ሊናገር ይችላል፤ ዛላው ላይ ሰረዝ ከሌለ ግን አንዱ እንደ ማስጠንቀቂያ፣ ሌላው እንደ ማረጋገጫ ያየዋል። ሥዕልና ፊደል ከቃል ጋር ሲሆኑ ይረዳሉ፤ በቃል ፋንታ ሲገቡ ግን ያሳስታሉ።

ይህን ሁሉ ወደ አንድ መስመር ለማውረድ፣ አውሮፓ ውስጥ ያለ አንድ ምግብ ቤት ሜኑ ላይ «የጾም በያይነት፦ ቪጋን፣ ግሉተን ፍሪ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ወጥ ቤት ገብተው ሲጠይቁ እንጀራው ገብስ የተቀላቀለበት ነው፤ አዚፋው ሰናፍጭ አለበት፤ የቅቤ ወጦችም በዚያው ምድጃ ላይ ይሠራሉ። መስመሩ እንደገና ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«የጾም በያይነት። ምስር ወጥ፣ የሽንብራ ሽሮ፣ ድንች በካሮት፣ ጎመንና አዚፋ (ቀዝቃዛ የምስር ሰላጣ) በእንጀራ ላይ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል አንጨምርበትም። ገብስ (ግሉተን) አለበት፦ እንጀራው። ሰናፍጭ አለበት፦ አዚፋው። ቅቤ ካለባቸው ምግቦች ጋር በአንድ ምድጃ ስለሚሠራ የወተት ንክኪ ሊኖር ይችላል።»

ረዝሟል፤ ግን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው የአማርኛውን ስም ለማያውቅ ሰው ምግቡን ያስተዋውቃል። ምስርና ሽንብራ በአሥራ አራቱ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ አለርጂ የሚሆኑባቸው ሰዎች ግን አሉ፤ ስማቸው በመጠራቱ ብቻ እነሱም ይጠበቃሉ። ቀጥሎ «አለበት» የሚለው አደጋው የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ ስለሚያሳይ፣ ሰናፍጭ የማይችለው ደንበኛ አዚፋውን አስወጥቶ ሌላውን ማዘዝ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን አዚፋው ሳህኑ ላይ ሳይወጣ በፊት ሲነገር ነው፤ ከወጣ በኋላ በማንኪያ ቢነሳ መረቁ እንጀራው ላይ ይቀራል።

የጥብሱ መስመርም በዚሁ መንገድ ይጻፋል፦ «የበሬ ሥጋ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ በንጥር ቅቤ የተጠበሰ። ወተት አለበት፦ ንጥር ቅቤው። አልኮል አለበት፦ አብሮ የሚቀርበው አዋዜ በጠጅ የተለወሰ ነው።» እዚህ ላይ «ንጥር ቅቤ» ብሎ ማቆም ለምን እንደማይበቃ መታወቅ አለበት። ቅቤ ሲነጠር አብዛኛው የወተት ፕሮቲን በአተላው ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ይቀራል፤ ለአለርጂ ጥቂቱ ሊበቃ ይችላል። ተርጓሚው የቅቤውን ስም እንዴትም ቢለው «ወተት» የሚለው ቃል አጠገቡ ካለ፣ በሽታውን በዚህ ስም የሚያውቀው ደንበኛ ይነቃል። የአልኮሉ መረጃ በአለርጂው ሕግ አይጠየቅም፤ ነገር ግን አዋዜ በርበሬ ብቻ የሚመስለው ሙስሊም እንግዳ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

«ሊኖር ይችላል» የሚለው አነጋገር ግን በልክ መሆን አለበት። አንዳንድ ቤቶች ከተጠያቂነት ለመዳን በሜኑው ግርጌ «ማንኛውም ምግባችን ማንኛውንም አለርጂ ሊይዝ ይችላል» ብለው ይጽፋሉ። የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እንዲህ ዓይነቱ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ወጥ ቤቱ ተፈትሾ፣ በንጽሕናና በመለየት ሊወገድ የማይችል እውነተኛ ስጋት ሲገኝ ብቻ እንዲሆን ይመክራል። ሁሉን የሚያስፈራራ ጽሑፍ ለአለርጂ ሕመምተኛው ምንም አይለይለትም፤ ከተደጋገመበት ደግሞ ማንበቡን ይተዋል። የንክኪው ማስጠንቀቂያ ከየምግቡ ጎን፣ በስም ተጠቅሶ ሲቀመጥ ብቻ ነው ትርጉም የሚኖረው።

ከሜኑው ጋር ንግግሩም አብሮ ሊታሰብበት ይገባል። በአማርኛ «አይስማማኝም» የሚለው ቃል ያልወደደውም፣ ሆዱን የሚነፋውም፣ ጉሮሮው የሚዘጋበትም የሚጠቀምበት ነው። አስተናጋጁ ቀላሉን ሊሰማ ይችላል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ ደንበኛው ከማዘዙ በፊት አለርጂውን እንዲናገር የሚጠይቅ ጽሑፍ በሜኑ ላይ እንዲሰፍር አድርጋለች። በአማርኛ «አለርጂ ካለብዎት ከማዘዝዎ በፊት ይንገሩን፤ የትኛው ምግብ እንደሆነና ሲበሉት ምን እንደሚያደርግዎት ይግለጹልን» ቢባል፣ አስተናጋጁ ከወጥ ቤት የሚያደርሰው ነገር ግልጽ ይሆንለታል። አማርኛ ብቻ የሚናገር ተጓዥም በሄደበት አገር ቋንቋ በወረቀት አጽፎ የሚይዘው ካርድ «ወተት አልወድም» የሚል ሳይሆን «ወተት፣ ቅቤ ወይም አይብ ከበላሁ መተንፈስ ያቅተኛል» የሚል መሆን አለበት።

የተተረጎመው ሜኑ ከመታተሙ በፊት መፈተኛ አለው። የአማርኛውን ጽሑፍ ላላየ፣ የሁለተኛው ቋንቋ ተወላጅ ለሆነ ሰው መስመሩን ሰጥቶ «ይህን ምግብ ወተት የማይችል ልጅ ቢበላ ምን ይሆናል? ስንዴ የማይችልስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ግልጽ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም አዎ ይላል፤ ምን እንደተረዳ ሲጠየቅ ግን ስህተቱ ይወጣል። መልሱ ወጥ ቤት ከሚታወቀው ጋር ካልገጠመ የሚታረመው ጽሑፉ ነው።

ጽሑፉ እውነት ሆኖ የሚቆየው ደግሞ የዕቃ ቤቱ ይዞታ ካልተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሰሜን ዮርክሻየር ውስጥ የኦቾሎኒ አለርጂ የነበረበት አንድ ሰው ኦቾሎኒ እንዳይኖርበት ነግሮ ካዘዘው ወጥ በልቶ ሞቷል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወጪ ለመቀነስ የአልሞንድ ዱቄቱን ኦቾሎኒ ባለበት ርካሽ ዱቄት ተክቶት ነበር። ፍርድ ቤት በ2016 በሰው መግደል ወንጀል የስድስት ዓመት እስራት ፈርዶበታል።

ለዚህ የሚያገለግለው በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ ነው። በቁመቱ ምግቦቹ፣ በአግድሙ አሥራ አራቱ ይሰፍራሉ፤ ምልክት የሚደረገው ባለሙያዋ በምታነበው ቋንቋና በአገሩ ቋንቋ ነው። አዲስ ዱቄት፣ አዲስ በርበሬ ወይም አዲስ ዘይት ሲገባ ከረጢቱ ላይ ያለው ዝርዝር ዕቃው ከመከፈቱ በፊት ከሠንጠረዡ ጋር ይተያያል፤ ቀኑና ያየው ሰው ስም ይጻፋል። ልዩነት ከተገኘ ሜኑው እስኪታተም መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ዕለት ከምግቡ ጎን የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀትና ለአስተናጋጆቹ ከፈረቃ በፊት የሚነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራው ስንዴ አለበት።»